«ጠባይዋ ያስቸግራል»፦ የምዘና ቅጽ ፍርድ ቤት ሲቀርብ

እ.ኤ.አ. በ1982 ፕራይስ ዋተርሃውስ የተባለው ግዙፍ የአሜሪካ የሂሳብ ምርመራና የማማከር ድርጅት 88 ሠራተኞችን ለሸሪክነት አጨ። ሸሪክ መሆን ከደመወዝተኝነት ወጥቶ ከድርጅቱ ባለቤቶች አንዱ መሆን ነው። ከዕጩዎቹ መካከል ሴት የነበሩት አን ሆፕኪንስ ብቻ ናቸው። በጊዜው ድርጅቱ ከነበሩት 662 ሸሪኮች ሴቶቹ ሰባት ነበሩ።

ሆፕኪንስ በዋሽንግተን ቢሮ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በሚሰጠው የማማከር አገልግሎት ላይ ይሠሩ ነበር። ሁለት ዓመት ያህል ደክመው ከአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት 25 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ውል አስገኝተዋል። በኋላ ጉዳዩን የመረመሩት ዳኛ፣ በዚያ ዓመት ከታጩት መካከል ትልልቅ ውሎችን በማስገኘት የእሳቸውን ያህል ያስመዘገበ እንዳልነበረ አረጋግጠዋል። ይህ ሥራ ነው፤ ይቆጠራል፣ ይመዘናል፣ በሰነድ ይታያል።

የምዘናው ሥርዓት ሁለት ዓይነት ቅጽ ነበረው። ዕጩውን በቅርብ የሚያውቁ ሸሪኮች ረጅሙን ቅጽ ይሞላሉ፤ አልፎ አልፎ የሚያገኟቸው ደግሞ አጭሩን። በሆፕኪንስ ላይ 32 ሸሪኮች አስተያየት ሰጡ። 13ቱ ደገፉ፣ ሦስቱ ለጊዜው ይቆይ አሉ፣ ስምንቱ ለመፍረድ የሚበቃ መረጃ የለንም አሉ፣ ስምንቱ ደግሞ ተቃወሙ። ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም። የሚናገረው የተጻፈው ነው።

አንዱ ሸሪክ «ወንዳወንድ ናት» የሚል ዓይነት ቃል ጻፈ። ሌላው ሴትነቷን ለማካካስ ከልክ በላይ ትፍጨረጨራለች አለ። ሦስተኛው የሥነ ምግባርና የውበት ትምህርት ቤት ገብታ ኮርስ ብትወስድ ይበጃት ነበር ሲል መከረ። ሻካራ አነጋገሯን የነቀፉም ነበሩ። የሚያስገርመው ደጋፊዎቻቸውም በዚያው ቋንቋ መጻፋቸው ነው፤ አንዱ ደጋፊ ቀድሞ ወንድ ወንድ የምትል ኃይለኛ ሥራ አስኪያጅ እንደነበረችና አሁን ግን ይበልጥ የምትማርክ ሴት ዕጩ እንደሆነች በመግለጽ ተከራከረላቸው። ወዳጁም ጠላቱም ሥራውን ትቶ ሰውዬዋን መዘነ።

ዕጩነታቸው ለሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ። የውሳኔውን ምክንያት እንዲያስረዳቸው የተመደበው ሸሪክ ደጋፊያቸው ነበር፤ ምክሩ ግን አረማመድሽም አነጋገርሽም አለባበስሽም የሴት ይሁን፣ ተኳኳይ፣ ጸጉርሽን ተሠሪ፣ ጌጥ አድርጊ የሚል ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ቢሯቸው በድጋሚ ሊያጫቸው አልፈለገም። ድርጅቱን ለቀው ከሰሱ።

እዚህ ላይ የሆፕኪንስን ታሪክ የተጨቆነች ጻድቅ ተረት አድርጎ መተረክ ቀላል ነው፤ እውነቱ ግን ከዚያ የተወሳሰበ ነው። ፍርድ ቤቱ እንዳየው፣ ከሥራቸው ያሉትን ሠራተኞች እንደሚያጣድፉና በአነጋገራቸው እንደሚጎዱ የተናገሩት ተቃዋሚዎቻቸው ብቻ አልነበሩም፤ ደጋፊዎቻቸውም ነበሩ። በሰው አያያዝ ላይ ያለ ድክመት ሸሪክ ሊሆን ለታጨ ሰው ተራ ነገር አይደለም፤ ድርጅቱም ይህን የመመዘን መብት ነበረው። ችግሩ ቅጾቹ ላይ የሰፈረው ነቀፋ ሁለት ነገር ቀላቅሎ መያዙ ነው። «ኃይለኛ ናት» ሲባል ከፊሉ የሠራተኞች እውነተኛ ቅሬታ ነው፤ ከፊሉ ደግሞ ሴት እንዲህ መሆን የለባትም የሚል ግምት ነው። የትኛው ስንት እንደሆነ ከቅጹ ሊነበብ አይችልም፤ ቀኑ የለም፣ የተነገረው ቃል የለም፣ በዚያ ምክንያት ሥራ የለቀቀ ሰው ወይም የዘገየ ሥራ የለም።

የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሱዛን ፊስክ በምስክርነታቸው ይህንኑ አነሱ። ሆፕኪንስን በቅርብ የማያውቁ ሸሪኮች እጅግ ጠንካራ ቃላት መጠቀማቸውን አመለከቱ። ሰው ስለ ሥራው ብዙም ሳያውቅ ስለ ጠባዩ እርግጠኛ ሆኖ ከጻፈ፣ የጎደለውን የሚሞላው አስቀድሞ በአእምሮው ባለው ሥዕል ነው።

ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1989 ከዘጠኙ ዳኞች ስድስቱ ከሕግ አኳያ ወሳኝ በሆነው ነጥብ ላይ ተስማሙ፤ አድልዎ በውሳኔው ውስጥ እንደነበረ ከታየ፣ ያለ አድልዎም እዚያው ውሳኔ ላይ እደርስ ነበር ብሎ የማስረዳት ሸክም አሠሪው ላይ ይወድቃል። ጉዳዩ ወደ ሥር ፍርድ ቤት ሲመለስ ድርጅቱ ይህን ማስረዳት አልቻለም። በቅጾቹ ላይ ሕጋዊውን ቅሬታ ከአድልዎው የሚለይ ምንም አልነበረውምና። ዳኛ ጌርሃርድ ጌሴል እ.ኤ.አ. በ1990 ሆፕኪንስ ሸሪክ እንዲሆኑ አዘዙ። በማግሥቱ ዓመት ተመልሰው ገቡ፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2002 ሠርተው በጡረታ ወጡ።

ሰውን በጠባይ የመመዘን ድክመት ከዚህ ክስ በፊትም የታወቀ ነበር። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ጥናት፣ የጦር መኮንኖች የበታቾቻቸውን በአካል ብቃት፣ በአእምሮ፣ በአመራርና በጠባይ ለየብቻ እንዲመዝኑ ሲጠየቁ ነጥቦቹ ከሚገባው በላይ ተመሳስለው እንደሚመጡ አሳየ። መኮንኑ አራት ነገር የመዘነ ይመስለዋል፤ የጻፈው ግን ያንኑ አጠቃላይ ስሜቱን አራት ጊዜ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአሜሪካ አየር ኃይል የሠራው ጆን ፍላናጋን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1954 ሌላ መንገድ አቀረበ። ገምጋሚው «ጥሩ» ወይም «ደካማ» ማለቱን ትቶ ሥራው እንዲሳካ ወይም እንዲበላሽ ያደረገ አንድ ተጨባጭ ክስተት ይመዝግብ፤ ሁኔታው ምን ነበር፣ ሰውየው ምን አደረገ፣ ምን ተከተለ።

ሴቶችን በጠባይ የመመዘኑ ልማድ ግን ከፍርዱ በኋላም አልጠፋም። የቋንቋ ባለሙያዋ ኪራን ስናይደር እ.ኤ.አ. በ2014 ከ28 ኩባንያዎች 248 የምዘና ጽሑፎችን ሰብስበው አነበቡ። ነቀፋ ካለባቸው 83 የወንዶች ምዘናዎች ጠባይን የነቀፉት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ከ94 የሴቶች ምዘናዎች ግን 71 ነበሩ። ናሙናው በዕጣ የተመረጠ አይደለም፤ ሰዎች በፈቃዳቸው የሰጧቸው ጽሑፎች ናቸው፤ ስለዚህ ለሁሉም መሥሪያ ቤት አይሠራ ይሆናል። የልዩነቱ ስፋት ግን በዋዛ የሚታለፍ አይደለም።

ወደ አገር ቤት ስንመጣ ነገሩ ባዕድ አይሆንብንም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ የምዘናን ዓላማ ሲያስቀምጥ የጠቀሰው የሥራውን መጠን፣ ጥራት፣ ጊዜና ወጪ ነበር። የጠባይ ቃል ግን በቢሯችን ሥር የሰደደ ነው። በኢሕአዴግ ዘመን የነበረውን ግምገማ ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል፤ አንድ ሰው ተነስቶ «ትምክህተኛ ነህ» ወይም «የኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከት አለብህ» ይባላል፤ የተባለውም መከራከሪያ ስለሌለው «እቀበላለሁ፣ አስተካክላለሁ» ብሎ ይቀመጣል። ምን እንደሚያስተካክል ማንም አልነገረው።

አንድ የምናብ ምሳሌ እንውሰድ። የግዥ ክፍል ኃላፊ የአንዲት ባለሙያን የግማሽ ዓመት ምዘና ሲሞላ «ግትር ናት፣ የትብብር መንፈስ ይጎድላታል» ብሎ ይጽፋል እንበል። ኃላፊው ይህን ሰርዞ መዝገብ እንዲያገላብጥ ቢገደድ የሚወጣው እንዲህ ያለ ነው፦ «በጥቅምትና በኅዳር ከሥራ ክፍሎች ከቀረቡ 14 የግዥ ጥያቄዎች አምስቱን መልሳለች። በሦስቱ ላይ ምን እንደጎደለ አልጻፈችም፤ ጠያቂዎቹ ቢሮዋ መጥተው ነው ያወቁት። በዚህ ምክንያት የላቦራቶሪ ዕቃው ጨረታ 11 ቀን ዘግይቷል። ከታኅሣሥ ጀምሮ ጥያቄ ስትመልስ የጎደለውን በዚያው ወረቀት ላይ ትጽፋለች።»

ሁለቱን ጽሑፎች ማወዳደር ይጠቅማል። ሁለተኛው ለባለሙያዋ ነገ ጠዋት የምትሠራውን ይነግራታል። መቃወሚያም ይሰጣታል፤ «መዘግየቱ የእኔ አይደለም፤ ክፍሉ የዕቃውን ዝርዝር መግለጫ ያመጣው ከሳምንት በኋላ ነው» ብላ ደብዳቤውን ማቅረብ ትችላለች። «ግትር አይደለሁም» ብሎ ማስረጃ ማቅረብ ግን አይቻልም። ከሁሉ በላይ ኃላፊው ራሱ ይማርበታል። የተመለሱትን አምስት ጥያቄዎች ሲያያቸው ሁለቱ በመመሪያው መሠረት መመለስ የነበረባቸው ሆነው ያገኛቸዋል፤ በሌላው ዓይን ግትርነት የመሰለው ሕግ ማክበር ነበር። የመጠየቂያ ቅጹ ደግሞ የሚመለስበትን ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ እንኳ የለውም። ጉድለቱ ግማሹ የቅጹ ነው።

ምስጋናም ከዚህ አያመልጥም። «ታታሪና ታዛዥ» የሚለው የተለመደ ምዘና ሠራተኛውን ያስደስተዋል፤ ግን የትኛውን ሥራውን ደግሞ እንዲሠራ እንደተፈለገ አይነግረውም፤ ዕድገት ሲወዳደርም ማህደሩ ውስጥ ምንም የሚያስረዳለት አያስቀምጥም።

በተጨባጭ ክስተት የመመዘኑ መንገድ ያለ ወጪ አይደለም። ስድስት ወር በቃል አይያዝም፤ በየሳምንቱ ሁለት ሦስት መስመር ያልጻፈ ኃላፊ ሰኔ ላይ የሚያስታውሰው ግንቦትን ብቻ ነው። ውጤትም ሁልጊዜ የሠራተኛው አይደለም፤ የውጭ ምንዛሪ ሳይገኝ የቀረ ግዥ በባለሙያዋ ነጥብ ላይ መውደቅ የለበትም፤ ስለዚህ ከውጤቱ አጠገብ በእጇ የነበረው ሥራ ይጻፍ። ሌላው አደጋ የከፋ ነው። ሰው ለማባረር የወሰነ ኃላፊ ቀንና ሰዓት እየጠቀሰ ጥቃቅን ስህተት ሲለቅም ይከርማል፤ ዝርዝሩ እውነት ሆኖ ሳለ ምዘናው ውሸት ይሆናል። ይህን መለየት የሚቻለው ያው ስህተት በሌሎች ሠራተኞች ማህደርም ተመዝግቦ እንደሆነ፣ የተሳካ ሥራም በዚያው ትጋት ተጽፎ እንደሆነ በማየት ነው።

አብርሃም ክሉገርና አንጄሎ ዴኒሲ እ.ኤ.አ. በ1996 በርካታ ጥናቶችን አጠናቅረው ባቀረቡት ትንተና፣ ለሰዎች ስለ ሥራቸው ከተሰጠ አስተያየት ከሦስት አንድ እጅ በላይ በሚሆነው ላይ የሥራ ውጤት ከማደግ ይልቅ መቀነሱን አሳይተዋል። አስተያየቱ የሰውየውን ሐሳብ ከሥራው አንስቶ ወደ ገዛ ማንነቱ በወሰደው ቁጥር ጥቅሙ ይቀንሳል። «ግትር ናት» የሚለው ቃል የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ባለሙያዋ ከዚያ በኋላ ስለ ጨረታው ሳይሆን ስለ ክብሯ ታስባለች።

ምዘና የምትቀበሉ አንባቢያን፣ ቅጹ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት የጠባይ ቃል ካገኛችሁ የሠራተኛው አስተያየት በሚለው ቦታ ላይ ሦስት ጥያቄ በጽሑፍ አስፍሩ፦ የትኛው ሥራ ላይ? መቼ? ምን አስከተለ? መልሱ ካልመጣ ጥያቄያችሁ ማህደር ውስጥ ይቀመጥ፤ ቅሬታ ሰሚ ዘንድ ብትሄዱ በእጃችሁ የሚገኘው ሰነድ እሱ ነው።