የፍተሻው ደንብ የወደቀበት ሦስተኛው ጥያቄ

በ1994 (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስድስት እስረኞች በእንግሊዝ ካለው የዋይትሙር ማረሚያ ቤት አመለጡ። ምርመራው የፍተሻውን መላላት አጋለጠ፤ በማግስቱ ዓመትም አዲስ መመሪያ ወጣ። ክፍሉ ሲፈተሽ እስረኛው ይወጣል፤ ፈታሾቹ ከጠበቃው ጋር የተጻጻፈውን ደብዳቤ እሱ በሌለበት ይመለከታሉ። ማንበብ አልተፈቀደላቸውም፤ ግን የሚያያቸው ማን አለ? አንድ እስረኛ ይህንን ይዞ ፍርድ ቤት ሄደ።

ዳኞች የአስተዳደርን ውሳኔ ለረጅም ጊዜ የመዘኑት በ1947ቱ የዌድንስበሪ ፍርድ ነው። የከተማው ባለሥልጣን ሲኒማ ቤቱ እሑድ እንዲከፍት ሲፈቅድ፣ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች እንዳይገቡ ከለከለ። ባለቤቶቹ ተከራክረው ተሸነፉ። ማንኛውም አስተዋይ ባለሥልጣን ሊደርስበት የማይችል ውሳኔ ካልሆነ ዳኛ አያፈርሰውም ተባለ። በዚህ የምክንያታዊነት ሚዛን የእስር ቤቱ መመሪያ በቀላሉ ያልፋል። እስረኞች ፈታሾችን ያስፈራራሉ፣ የፍተሻውንም ዘዴ ያጠናሉ፤ ምክንያቱ ከንቱ አይደለም።

የተመጣጣኝነት ምዘና ግን አንድ መብት ሲነካ ምክንያት መኖሩን ሰምቶ አይመለስም። ዓላማው መብትን ለመገደብ የሚበቃ ክብደት አለው? የእስር ቤት ጸጥታ አለው። እርምጃው ከዓላማው ጋር ይገናኛል? የሚያስፈራራን ሰው ማስወጣት ይገናኛል። ሦስተኛው ጥያቄ፣ መብቱን አነስ አድርጎ የሚነካ፣ ዓላማውንም የሚያሳካ ሌላ መንገድ የለም ወይ? የሚል ነው።

መመሪያው የወደቀው እዚህ ላይ ነው። በ2001 የጌቶች ምክር ቤት ዳኞች ለእስረኛው ፈረዱ። ሎርድ ቢንግሃም እንዳስረዱት፣ የሚያስፈራራውንና የሚያውከውን እስረኛ ለይቶ ማስወጣት ይቻላል፤ ሁሉንም በጅምላ ማስወጣት ግን ከሚያስፈልገው በላይ ነው። ፍተሻውም ሆነ ደብዳቤ ማገላበጡ አልተከለከለም፤ የፈረሰው ልዩነት የማያደርገው ደንብ ብቻ ነው። ይህ ጠባብነቱ ፍርዱን ይበልጥ ጠንካራ ያደርገዋል ብዬ አምናለሁ።

ሎርድ ስታይን በዚያው ፍርድ፣ ሁለቱ ሚዛኖች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ውጤት ላይ ቢደርሱም ተመጣጣኝነት ጠለቅ ብሎ እንደሚፈትሽ፣ ዳኛውን ግን በአስተዳዳሪው ወንበር እንደማያስቀምጠው አስረዱ። በኋላ የመጡ ፍርዶች ደግሞ አራተኛውን ጥያቄ ለብቻው አወጡት፦ ሌላ መንገድ ባይኖር እንኳ በሰውየው ላይ የሚደርሰው ጉዳት ሕዝቡ ከሚያገኘው ጥቅም አይበልጥም ወይ? ከሁሉም የከበደው ይሄ ነው፤ የጠበቃን ምስጢርና የዘበኛን ደኅንነት የሚለካ አንድ መስፈሪያ የለምና። ስለዚህ ዳኞች በጸጥታ ጉዳይ ለአስተዳደሩ ግምት ክብደት ይሰጣሉ፤ ሆኖም ቀለል ያለው መንገድ ለምን እንደማይበቃ ማስረዳት ያለበት አስተዳደሩ ነው።