የዱባይን የከተማ ባቡር ካርታ በፎቶግራፍ ይዞ መንገድ ስለ ማቀድ

ወደ ዱባይ ለሸመታ ወይም ናሙና ለማሳየት የሚሄድ ነጋዴ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ አሮጌው ገበያ የሚደርስበት የከተማ ባቡር አለ። በየጣቢያው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ካርታ በስልኩ ፎቶግራፍ ካነሣ በኋላ መንገዱን ተቀምጦ ማቀድ ይችላል። ነገር ግን ካርታው የምድሩን ርቀት የሚያሳይ አይደለም፤ የጣቢያዎቹን ተራ ብቻ ያሳያል። በካርታው ላይ ቅርብ መስሎ የሚታየው ጣቢያ በእርግጥ ቅርብ ላይሆን ስለሚችል፣ በዓይን መገመቱ ቀርቶ ጣቢያዎቹ አንድ በአንድ ሊቈጠሩ ይገባል።

ፎቶግራፉ ሲነሣ የመስመሮቹ ጫፎች በሙሉ መታየት አለባቸው። የመጨረሻው ጣቢያ ስም የተቈረጠበት ፎቶግራፍ እምብዛም አይጠቅምም፤ ባቡሩ ወዴት እንደሚሄድ የሚታወቀው በመጨረሻው ጣቢያ ስም ነውና። ካርታው በመስታወት የተሸፈነ ከሆነ የመብራቱ ነጸብራቅ ስሞቹን እንዳይሸፍን ጥቂት ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ማንሣት ይበጃል። ከዚያም የሚፈለገው ክፍል ለብቻው በቅርብ ይነሣ፤ ከሥፍራው ሳይለቁም ፊደሉ መነበቡን መመርመር ነው።

የዱባይ ባቡር ሁለት መስመር አለው፤ ቀዩና አረንጓዴው። አረንጓዴው የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ እንደ ፈረስ ጫማ ታጥፎ ቀዩን መስመር በሁለት ሥፍራ ያገኘዋል፤ በዩኒየንና በቡርጁማን ጣቢያ። ባቡር የሚለወጠው በእነዚህ በሁለቱ ነው። ነጋዴውን የሚያሳስተውም ይኸው ነው፤ የትኛው ይሻላል?

አንድ የቅመማ ቅመም ላኪ በተርሚናል 1 ደርሶ በአል ራስ ጣቢያ አጠገብ ወዳለው የቅመም ገበያ ይሄዳል እንበል። በቀዩ መስመር ላይ ከተርሚናል 1 ተነሥቶ ሲቈጥር ዩኒየን አራተኛው ጣቢያ ነው። እዚያ ወደ አረንጓዴው ተለውጦ ባኒያስ ስኩዌርንና ጎልድ ሱቅን ካለፈ በኋላ ሦስተኛው አል ራስ ነው፤ ድምሩ 7 ጣቢያ ይሆናል። በቡርጁማን ቢለወጥ ግን እስከዚያ 5፣ ከዚያ ወደ ኋላ እስከ አል ራስ 3፣ በድምሩ 8 ይሆንበታል። ስለዚህ ለአል ራስ ዩኒየን ይሻላል።

ይኸው ሰው ጨርቃ ጨርቅ ለመግዛት በወንዝ መሰሉ የባሕር ክንድ ማዶ ወዳለው ወደ አል ጉበይባ ቢሄድ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። በዩኒየን በኩል 8፣ በቡርጁማን በኩል 7 ጣቢያ ነው። አል ራስና አል ጉበይባ ጎን ለጎን ያሉ ጣቢያዎች ሲሆኑ መለወጫቸው ይለያያል፤ ይህን ያለ ቈጠራ ማወቅ አይቻልም።

ከዚህ ቀጥሎ አቅጣጫው ይጻፍ። በዩኒየን ለተለወጠ ሰው ትክክለኛው ባቡር ወደ ክሪክ የሚሄደው ነው፤ በቡርጁማን ለተለወጠ ግን በተቃራኒው፣ ኢቲሳላት ወደሚባለው ጫፍ የሚሄደው ነው። ከዩኒየን ተነሥቶ ቀጣዩ ጣቢያ ሳላህ አል ዲን ከሆነ ተጓዡ ተሳስቷል፤ በዚያው ወርዶ ከመዝጊያው ሳይወጣ በተቃራኒው ባቡር ይመለስ። በቀዩ መስመር ላይ ደግሞ የምዕራቡ ጫፍ ለሁለት ስለሚከፈል በሰሌዳው ላይ ሁለት የተለያዩ ስሞች ሊታዩ ይችላሉ። ከተርሚናል 1 ለሚነሣ ሰው ይህ አያሳስብም፤ ወደ ሴንተርፖይንት ከሚሄደው በቀር ሁሉም በዩኒየን ያልፋል።

አሮጌ ፎቶግራፍ ከወዳጅ የተቀበለ ሰው በስም ረገድ ይጠንቀቅ። ከተማው የጣቢያ ስም ለድርጅቶች የሚሰጥበት ልማድ ስላለው ስሞቹ ይለዋወጣሉ። የዛሬው ሴንተርፖይንት ቀድሞ ራሺዲያ ይባል ነበር፤ ጎልድ ሱቅም ፓልም ዴይራ ነበር። ስሙ ቢለወጥም ተራው ስለማይለወጥ፣ ከመለወጫው ጣቢያ ስንተኛ እንደሆነ በማስታወሻ መያዝ ይጠቅማል።

የናሙና ጭነት ላለው ሰው የጣቢያ ቍጥር ብቻ አይበቃም። ለአንድ መንገደኛ የሚፈቀደው ሁለት ሻንጣ ሲሆን፣ ትልቁ ከ81 በ58 በ30 ሳንቲሜትር፣ ትንሹም ከ55 በ38 በ20 ሳንቲሜትር መብለጥ የለበትም። ከዚህ የበዛ ጭነት ያለው በታክሲ ይሂድ። ገበያ ውሎ እጁ ባዶ የሆነ ነጋዴ ግን ከአል ራስ ወደ አል ጉበይባ ሲሻገር ከባቡሩ ይልቅ አብራ የምትባለውን ትንሽ ጀልባ ቢመርጥ አይነቀፍም።