ከሰኞ ጀምሮ 23 ብር

በሰፈራችን እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናት አንድ ሐሙስ ማታ በራቸው ላይ የካርቶን ቁራጭ ለጠፉ። «ውድ ደንበኞች፣ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ አንድ እንጀራ 23 ብር ነው። መብራት ስለጨመረ። ይቅርታ።» እስከዚያ ቀን 20 ብር ነበር። ሦስት ቀን ቀድመው ተናገሩ፣ ምክንያት ሰጡ፣ ይቅርታም ጠየቁ። በዚያው ሰሞን ወርሃዊ ክፍያ የምከፍልባቸው ቦታዎች ተራ በተራ ጨምረውብኝ ነበር፤ ሁሉም የነገሩኝ ገንዘብ መክፈያው መስኮት ላይ ከደረስኩ በኋላ ነው። ካርቶኗ ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። ቀልቤን የያዘው ደግሞ 23ቱ ብር ሳይሆን «መብራት ስለጨመረ» የምትለው ነበረች። ምን ያህል ጨመረ? እኚህ ሴትስ በምን አወቁ?

የመብራት ታሪፍ ታሪክ የዋጋ ጭማሪን ለደንበኛ ስለማሳወቅ ብዙ ያስተምራል። ከ1998 እስከ 2011 ድረስ ታሪፉ ንቅንቅ አላለም። በእነዚያ ዓመታት የዶላር ምንዛሪ ከ9 ብር በታች ተነስቶ 28 ብር ገደማ ደርሷል፤ ትራንስፎርመሩም ሽቦውም ቆጣሪውም በአብዛኛው በዶላር የሚገባ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ደንበኛው የለመደው መብራት የማይጨምር ነገር መሆኑን ነው። ስለዚህ በ2011 ጭማሪው ሲመጣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በአራት ዓመት፣ በዓመት አንድ ደረጃ እንዲሆን ተወሰነ። ሰንጠረዡም ከነአራቱ ዓመት ወጣ። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት ዋጋው በነበረበት በ27 ሳንቲም ገደማ ቆየ፤ ከዚያ በላይ ላለው እንደየእርከኑ ጨመረ።

ይህ በወረቀት ላይ ሲታይ አገራችን ውስጥ ከተሰጡት ሁሉ ረጅሙ የዋጋ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን አይቀርም። ሰንጠረዡን ያየ ሰው በ2014 አንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት እንደሚገባ በ2011 ማወቅ ይችል ነበር። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በወር ከ301 እስከ 400 ኪሎዋት ሰዓት ባለው እርከን ዋጋው ከ0.5666 ብር ተነስቶ በየዓመቱ 0.9750፣ 1.3833፣ 1.7917፣ በመጨረሻም 2.20 ብር ሆነ። በየዓመቱ የተጨመረው ሳንቲም እኩል ነው፤ ወደ 41 ሳንቲም ገደማ። «ቀስ በቀስ» የተባለውም በዚህ ምክንያት ነው። በመቶኛ ሲሰላ ግን የመጀመሪያው ዓመት ጭማሪ 72 በመቶ ሲሆን የመጨረሻው 23 በመቶ ብቻ ነው። ደንበኛው ገና ሳይለምድ ትልቁን ምት የቀመሰው በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው። እርምጃዎቹ በብር ሳይሆን በመቶኛ እኩል ተደርገው ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ዓመት ጭማሪ ወደ 40 በመቶ ይወርድ ነበር፤ መድረሻው ግን ያው 2.20 ብር ነው። በማስታወቂያው ላይ «በአራት ዓመት» ከማለት ይልቅ ይህ ቢገለጽ ለሰው የበለጠ ይጠቅመው ነበር።

ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ አዲስ የአራት ዓመት ታሪፍ መጣ። ይህኛው በየሦስት ወሩ የሚጨምር ነው። ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስለመጣ ምክንያቱን ማንም ለመገመት አልተቸገረም። በየሦስት ወሩ ትንሽ ትንሽ መጨመር ምቱን ያለዝባል። ነገር ግን አሥራ ስድስት ጊዜ የሚጨምር ዋጋ አሥራ ስድስት ጊዜ ሊነገር ይገባዋል፤ ያለዚያ ሰው «በዚህ ወር ለምን በዛብኝ?» ሲል ታሪፉ ይሁን የራሱ አጠቃቀም መለየት አይችልም።

ወደ እንጀራዋ እንመለስ። ሂሳቡን አብረን ሠራነው፤ እኔ በወረቀት፣ እሳቸው በቃል። ምጣዳቸው በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። በቀን አራት ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ይጋግራሉ፤ ይህ 364 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። በሰዓት 25 እንጀራ ያህል ስለሚያወጡ በወር 2,600 እንጀራ ነው። የ2014ን ታሪፍ ወስደን ሁሉንም ፍጆታ በ2.20 ብር ብናስበው እንኳ የወሩ መብራት 800 ብር ገደማ ይሆናል። ለ2,600 ሲካፈል በእያንዳንዱ እንጀራ ላይ የሚያርፈው መብራት 31 ሳንቲም ነው። ታሪፉ ከዚያ ወዲህ ሦስት እጥፍ ሆኗል ብንል እንኳ ብር አይሞላም። እሳቸው የጨመሩት ደግሞ ሦስት ብር ነው።

«ታዲያ ለምን መብራት ብለው ጻፉ?» አልኳቸው።

ሳቁ። «ጤፍ ብዬ ብጽፍማ ሁሉም የጤፍን ዋጋ ያውቃል። እህል በረንዳ አማች ያለው አለ፣ ከገጠር የሚያስመጣ አለ። ‹እትዬ፣ ባለፈው ሳምንት እኮ በዚህን ያህል ገዝቻለሁ› ብሎ በሬ ላይ ቆሞ ይሟገተኛል። መብራት ስል ግን ማን ይከራከረኛል? ማን ያውቀዋል? እኔም አላውቀው።»

የዚህ ጽሑፍ ጭብጥ ከዚህ መልስ ውስጥ ነው ማለት እችላለሁ። ዋጋ የሚጨምር ሰው ከምክንያቶቹ መካከል ደንበኛው ሊያጣራው የማይችለውን ይመርጣል። ትልልቆቹ ድርጅቶች «በዓለም አቀፍ ሁኔታ ምክንያት» ይላሉ፤ መንገድ ዳር ያለው ነጋዴ «ዶላር» ይላል፤ እኚህ እናት ደግሞ «መብራት» አሉ። ውሸት አይደለም፣ መብራቱ ጨምሯል። ግን ከሦስቱ ብር ውስጥ የእሱ ድርሻ ሳንቲም ነው። ስለዚህ ምክንያትን ከሰበብ የሚለየው ከጭማሪው ምን ያህሉ በምን እንደመጣ መናገሩ ነው። «ከሦስቱ ብር ሁለቱ ከሃምሳ ጤፍ፣ የቀረው መብራትና ማዳበሪያ ላስቲክ» ቢባል ደንበኛው ጤፍ ሲወርድ «ይውረድልን» ማለት ይችላል። ሻጩም የሚፈራው ይህንኑ ነው። ይህን ስነግራቸው «አዎ፣ ሲጨምር የነገርከው ሰው ሲወርድም ይጠብቅሃል» አሉኝ።

በአውሮፓ ኅብረት የኤሌክትሪክ ገበያ መመሪያ ውስጥ (በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣ ነው) አቅራቢው ለመኖሪያ ቤት ደንበኛ ዋጋ ከመጨመሩ ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ፣ በቀጥታ ለራሱ ለደንበኛው፣ ምክንያቱንና መጠኑን ግልጽ አድርጎ እንዲነግር ይገደዳል። ደንበኛው ያልተስማማው እንደሆነ ውሉን አፍርሶ ሌላ አቅራቢ ይፈልጋል፤ ወሩ የተሰጠው በዋናነት ለዚህ ነው። እኛ ዘንድ አቅራቢው አንድ ነው፤ ወዴት ይኬዳል? ስለዚህ ማስጠንቀቂያ ለእኛ የሚሰጠው ጥቅም ሌላ ነው፤ የራሳችንን ዋጋና ወጪ እንድናስተካክል። የሸማቾች ጥበቃው አዋጅ (813/2006) ነጋዴው ዋጋውን ለጥፎ እንዲያሳይ ያስገድዳል፤ መልካም ነው፤ የተለጠፈው ግን የዛሬው ዋጋ ነው።

ለቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ተጠቃሚ ደግሞ የዛሬው ዋጋ እንኳ ፊት ለፊት አይታየውም። የእንጀራዋ እናት ያወቁት «ያንኑ ብር ሞልቼ ኪሎዋቱ አነሰብኝ» በማለት ነው። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ ደረሰኙ ላይ ካለው ገንዘብ የአገልግሎት ክፍያውንና ግብሩን ቀንሶ፣ የቀረውን በተሰጠው ኪሎዋት ሰዓት ማካፈል። ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፍጆታ ሲበዛ ወደ ላይኛው እርከን ስለሚገባ ታሪፉ ሳይነካም የአንዱ ዋጋ ሊያድግ ይችላል። ስለዚህ የሚነጻጸሩት የሁለት ወር ደረሰኞች ፍጆታቸው ተቀራራቢ የሆኑት ናቸው። እንዲህ ያለውን ስሌት ምጣድ ላይ ከቆመ ሰው መጠበቅ ትንሽ ይከብዳል።

የሚቀጥለው ሩብ ዓመት ዋጋ በደረሰኙ ግርጌ በአንድ መስመር ሊታተም አይችልም ወይ ብዬ አንድ የመብራት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ጠየቅሁ። ሰንጠረዡ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ማተሚያውም አለ። «ይህ የእኔ ሥልጣን አይደለም፤ በደብዳቤ አምጣ» አሉኝ። ደብዳቤውን አስገባሁ። «ይታያል» የሚል መልስ በስልክ ተሰጠኝ፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩም አይነሳም።

ማስጠንቀቂያ ሁልጊዜ ይጠቅማል እንዳንል ግን ነዳጅ አለ። በ2017 የገና ሰሞን ቤንዚን ከ91.14 ብር ወደ 101.47 ብር ሲወጣ እንደተለመደው በድንገት ነበር የተነገረው። ከሳምንት በፊት ቢነገር ማደያው «አልቋል» ይላል፣ በርሜል ያለው በርሜሉን ይሞላል። ነዳጅ ይከማቻል፤ መብራትን ግን ማንም በጆንያ ሞልቶ ጓዳው አያስቀምጥም። ለመብራት የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ የማይጎዳው ለዚህ ነው፤ ቢበዛ አንዳንዱ ሰው ካርዱን ቀድሞ ይሞላል።

በነዳጅም ቢሆን ድንገተኛነቱ ሌላ መዘዝ አለው። በ1966 መንግሥት የቤንዚንን ዋጋ በግማሽ ያህል ሲያሳድግ የታክሲ ሹፌሮች ያንን ወጪ ወደ ተሳፋሪ ማሻገር አልተፈቀደላቸውም። የካቲት 11 ቀን አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ አቆሙ፤ መምህራኑም በዚያው ሰሞን አድመው ነበር። የካቲት 16 ቀን ንጉሡ የቤንዚኑን ዋጋ ዝቅ አደረጉ፤ ነገሩ ግን በዚያ አልቆመም። ታሪክ ጸሐፊዎች የአብዮቱን መነሻ ሲዘረዝሩ ይህን አይዘሉትም። ዛሬም ሌሊቱን ነዳጅ ሲጨምር የታክሲ ታሪፍ ከቀናት በኋላ ይወጣል፤ በመካከል ባሉት ቀናት ረዳትና ተሳፋሪ እርስ በርስ ይጣላሉ።

በእንጀራዋ እናት ዘንድ ግን ጭማሪው ያመጣው ንትርክ ሳይሆን የደንበኛ መሄድ ነው። ለቤተሰብ የሚወስድ ሰው ሦስት ቀን ይበቃዋል፤ አጉረምርሞ ይከፍላል። እንጀራ በውል የሚያቀርቡላቸው ምግብ ቤቶች ግን ሒሳብ የሚዘጉት በወር መጨረሻ ነው። የሐሙሱ ካርቶን ወሩን መሃል ላይ ቆረጠባቸው፤ አንደኛው «ምኑን ነው የምከፍለው?» ብሎ ወደ ሌላ ጋጋሪ ሄደ። «ልጄ፣ ሰው የሚሄደው በብሩ ብቻ አይደለም። ያላዘጋጀውን ስትጠይቀው ነው» አሉኝ። አሁን ለምግብ ቤቶቹ ጭማሪ ሲኖር ወሩ ሲዘጋ ተናግረው ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ያስከፍላሉ። በዚህ ምክንያት በየጊዜው እስከ አንድ ወር ድረስ በአሮጌ ዋጋ ይሸጣሉ፤ ልዩነቱን ከኪሳቸው ይሸፍናሉ። መብራቱ ግን በየሦስት ወሩ መጨመሩን ይቀጥላል።