መርካቶ የቀረው ስልክ

በቅዳሜ የመርካቶ ግፊያ መሃል ክርና ቁልፍ ስትገዛ የነበረች አንዲት ልብስ ሰፊ ስልኳን ከቦርሳዋ ተሰረቀች። ተውሳ ስትደውል ዝግ ነው። መታወቂያዋን ይዛ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም ሄደች፤ የጠፋውን ሲም አዘግታ በዚያው ቁጥር አዲስ አወጣች። ይህን ማስቀደሟ ትክክል ነበር።

ቴሌግራም መልእክቶችን በራሱ ሰርቨር ስለሚያስቀምጥ፣ በአዲሱ ሲም የመጣላትን ኮድ ስታስገባ ደንበኞቿ የላኩላት የቀሚስ ፎቶዎች ተመለሱ። ከስልክ ቁጥሮቿ ግን የመጡት በጎግል አካውንቷ የመዘገበቻቸው ብቻ ናቸው፤ ስልኩና ሲሙ ላይ ያስቀመጠቻቸው ጠፉ።

ያስለቀሳት የደንበኞቿ ልኬት ነው። ከደብተሯ በካሜራ አንስታ ደብተሩን ጥላዋለች፤ ፎቶዎቹ ደግሞ ስልኩ ውስጥ ብቻ ነበሩ።

ጎግል ፎቶስ ስልኩ ላይ መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ «Backup» የሚለው መብራት አለበት። ነጻው ቦታ 15 ጊጋባይት ሲሆን ጂሜይልም ይጋራዋል፤ ሲሞላ መገልበጡ ይቆማል። ዳታ ለመቆጠብ በዋይፋይ ብቻ እንዲገለብጥ ከተደረገም፣ ዋይፋይ ሳያገኝ የሰነበተ ስልክ አዳዲስ ፎቶዎችን አላስቀመጠም ማለት ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር photos.google.com ከፍቶ፣ በራስ አካውንት ገብቶ፣ የትናንቱን ፎቶ መፈለግ።