የመልስ ሳጥኑ ወዴት ይመራል? በፓወርፖይንት ምላሽ የሚሰጥ የክፍል ጥያቄ አሠራር



የዛሬው ገለጻዬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። ጥያቄውም ሁላችንም በምናውቀው ስፍራ፣ በአራዳ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ስለቆመው የዐፄ ምኒልክ ሐውልት ነው። «ሐውልቱ መቼ ተመረቀ?» ብለን አራት አማራጮች እናቀርባለን።

ሀ. በዐፄ ምኒልክ የሕይወት ዘመን
ለ. በንግሥት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት
ሐ. በዐፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ
መ. ከ1933ቱ ነጻነት በኋላ

ትክክለኛው መልስ ሐ ነው፤ ሐውልቱ የተመረቀው ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። ይሁንና ሦስቱ ስሕተቶች እኩል አይደሉም። ሀን የመረጠ ተማሪ ባለታሪኩን ከሐውልቱ ዘመን ጋር አንድ አድርጎታል፤ ዐፄ ምኒልክ ያረፉት በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ነው። ለን የመረጠው ወደ እውነቱ ቀርቧል፤ ነገር ግን ንግሥቲቱ ያረፉት በመጋቢት 1922 ዓ.ም.፣ ምረቃው ሊደርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። መን የመረጠው ደግሞ አንድ እውነተኛ ነገር ሰምቷል፤ ጣልያኖች በወረራው ዘመን ሐውልቱን ከቦታው አንሥተውት ነበርና፣ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ቆሟል። ይህ ተማሪ ዳግም መቆሙን ከመጀመሪያው ምረቃ ጋር አምታቶታል።

እንግዲህ ለሦስቱም «ተሳስተሃል፣ እንደገና ሞክር» የሚል አንድ የጋራ ስላይድ ብናሳይ፣ ተማሪው በሁለተኛው ሙከራ የሚያደርገው መገመት ብቻ ነው። ስለዚህ አሠራሩ እያንዳንዱ የተሳሳተ መልስ ወደ ራሱ ማብራሪያ እንዲመራ ያስፈልጋል። ለአንድ ጥያቄ አምስት ስላይዶች እናዘጋጃለን ማለት ነው፤ አንዱ የጥያቄው፣ አራቱ የምላሾቹ።

አስቀድመን ለእያንዳንዱ ስላይድ ርእስ እንሰጣለን፤ «ጥያቄ 1»፣ «1-ሀ»፣ «1-ለ» እያልን። ርእስ የሌለው ስላይድ በማያያዣው ዝርዝር ውስጥ በተራ ቁጥሩ ብቻ ስለሚታይ፣ ስላይዶቹ ሲበዙ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ቀጥሎ በጥያቄው ስላይድ ላይ አራት ሳጥኖች እንሥላለን፤ አንዱን ሳጥን በጠርዙ እንመርጥና በ `Insert` ሥር `Action` የሚለውን እንከፍታለን። በ `Mouse Click` ገጽ ላይ `Hyperlink to` ከሚለው `Slide...` የሚለውን መርጠን መድረሻውን እንጠቁማለን። በጠርዙ እንምረጥ ያልኩት በምክንያት ነው። ማያያዣው በሳጥኑ ፋንታ በፊደሎቹ ላይ ከዋለ ጽሑፉ ይሰመርበታል፣ ቀለሙም ይለወጣል፤ አንድ ጊዜ ከተነካ በኋላም ዳግመኛ ስለሚለወጥ የቀደመውን ምርጫ ያሳብቃል።

በሦስቱ የስሕተት ስላይዶች ላይ ወደ «ጥያቄ 1» የሚመልስ ሳጥን፣ በትክክለኛው ላይ ደግሞ ወደ «ጥያቄ 2» የሚያሻግር ሳጥን እናስቀምጣለን። ስለዚህ አንድ ጥያቄ 8 ማያያዣዎች አሉት፤ አሥር ጥያቄ ያለው ስብስብ 50 የጥያቄና የምላሽ ስላይዶችና 80 ማያያዣዎች ይኖሩታል።

ትሪገር የሚባለው መሣሪያ ከዚህ የተለየ ነው፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ሲምታቱ አያለሁ። ትሪገር ወደ ሌላ ስላይድ አይወስድም፤ በዚያው ስላይድ ላይ ያለን አኒሜሽን ያስነሣል እንጂ። ምላሹ አንድ መስመር ከሆነ በቂ ነው። የምላሹን ሳጥን መርጠን የ `Appear` አኒሜሽን እንሰጠዋለን፤ ከዚያም በ `Animations` ሥር `Trigger`፣ `On Click of` ብለን የመልሱን ሳጥን እንጠቁማለን። ሳጥኖቹን አስቀድሞ በ `Selection Pane` ስም ማውጣት ከመደናገር ያድናል። ችግሩ ግን ተማሪው ሀን ከነካ በኋላ ለን ሲነካ የሀ ምላሽ ሳይጠፋ የለ ምላሽ ይደረብበታል። ይህን ለመከላከል በእያንዳንዱ ትሪገር ሥር ለሌሎቹ ምላሾች `Disappear` ጨምረን `With Previous` ማድረግ አለብን። አራት አማራጮች ካሉ ለእያንዳንዱ ትሪገር ሦስት መጥፊያዎች ይመጣሉ። ምላሹ እንደ ሐውልቱ ጥያቄ አንድ አንቀጽ የሚፈልግ ከሆነ፣ የተለየ ስላይድ መሥራቱ ይቀላል።

አሁን ሥራውን ስለሚያበላሹ ሁለት ነገሮች ልናገር። የመጀመሪያው ከሳጥን ውጭ መንካት ነው። ፓወርፖይንት ሌላ ካልታዘዘ በባዶ ቦታ ላይ ሲነካ ወደሚቀጥለው ስላይድ ያልፋል፤ የሚቀጥለው ስላይድ ደግሞ የምላሽ ስላይድ ነው። ተማሪው ምንም ሳይመርጥ ማብራሪያውን ያያል ማለት ነው። በ `Transitions` ሥር `On Mouse Click` የሚለውን ምልክት ማንሣት የማውስን መንገድ ይዘጋል፤ የኪቦርድ ቀስቶች ግን እንደሚሠሩ ይቀራሉ። ሁለቱንም የሚዘጋው በ `Set Up Slide Show` ውስጥ `Browsed at a kiosk` የሚለው ነው። በዚህ አኳኋን ማያያዣ የሌለው ስላይድ መውጫ የሌለው ክፍል ይሆናልና፣ የመጨረሻው ስላይድ እንኳ ወደ መጀመሪያው የሚመልስ ሳጥን ሊኖረው ይገባል።

ሁለተኛው ከመቅዳት የሚመጣ ነው። «ጥያቄ 1»ን ቀድተን ጽሑፉን ብቻ ለውጠን «ጥያቄ 2» ብናደርገው፣ ሳጥኖቹ እንደ ቀድሞው ወደ 1-ሀ እና ወደ 1-ለ ይመራሉ። ለዓይን ሁሉም ነገር የተስተካከለ ይመስላል። ስለ ሀገር ፍቅር ቴአትር የተጠየቀ ተማሪ ስለ ምኒልክ ሐውልት ምላሽ ሲያገኝ ነው ጉድለቱ የሚታወቀው። ማያያዣው የሚከተለው ራሱን ስላይዱን እንጂ ተራ ቁጥሩን ስላልሆነ፣ ስላይዶችን ቦታ ማለዋወጥ አይጎዳውም፤ `Next Slide` የሚለው ግን ተራን ስለሚከተል ከመለዋወጥ ጋር ይሳሳታል። ስለዚህ ለመልስ ሳጥን እርሱን አንጠቀም።

መፈተሻው ቀላል ነው። በወረቀት ላይ የጥያቄዎቹን ዝርዝር ከአማራጮቻቸው ጋር ጽፈን፣ በ `F5` አስነሥተን እያንዳንዱን ሳጥን አንድ በአንድ እንነካለን፤ የደረስንበትን ርእስም ከወረቀቱ ጋር እናመሳክራለን። ትክክለኛውን መልስ ብቻ እየነካን ካለፍን የተሳሳቱት መንገዶች ሳይፈተሹ ይቀራሉ፤ ጉድለት የሚደበቀውም እዚያ ነው።

የዚህ አሠራር ወሰንም መታወቅ አለበት። ያለ ማክሮ ማን ምን እንደመረጠ አይመዘግብም፣ ነጥብም አይደምርም፤ ስለዚህ ለፈተና አይሆንም። የሚያገለግለው ተማሪ ተሳስቶ ለምን እንደተሳሳተ ወዲያው እንዲያነብ ነው። በመሆኑም ሥራው ከኮምፒዩተሩ በፊት በወረቀት ይጀመራል፦ ከእያንዳንዱ የተሳሳተ አማራጭ ጎን፣ ይህን የመረጠ ተማሪ ምን አስቦ ሊሆን እንደሚችል አንድ ዐረፍተ ነገር እንጻፍ። የምንጽፈው ካጣን፣ አማራጩ ቁጥር ለመሙላት የገባ ነውና በሌላ እንተካው።