ገንዘቡ ወጥቶ ዕቃው ሲቀር

ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት ሴት ሐዋሳ ላሉት እናቷ ማቀዝቀዣ ልትገዛ ፈለገች እንበል። ስልኳን ከፍታ ከአንድ የኦንላይን መደብር ዕቃውን መረጠች፤ የካርዷን ቁጥር አስገብታ «ትዕዛዙን ላክ» የሚለውን ተጫነች። ለእሷ ነገሩ በአንድ ንክኪ አለቀ። ከጀርባ ግን አራት የተለያዩ ፕሮግራሞች በየተራ ሥራ ይጀምራሉ። የመጀመሪያው ትዕዛዙን ይመዘግባል። ሁለተኛው መጋዘን ካሉት ማቀዝቀዣዎች አንዱን በስሟ ይይዛል። ሦስተኛው ከካርዷ 400 ዶላር ይቀንሳል። አራተኛው ዕቃውን የሚያደርስ መኪና ይመድባል። ተራው አራተኛው ጋ ሲደርስ ግን ወደ ሐዋሳ የሚሄድ መኪና ታጣ። ገንዘቡ ወጥቷል፣ ማቀዝቀዣው ተይዟል፣ የሚያደርሰው ግን የለም።

ይህ ሁሉ በአንድ ዳታቤዝ ውስጥ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ መፍትሔው ቅርብ ነበር። ዳታቤዝ ብዙ ለውጦችን እንደ አንድ ነዶ አስሮ መያዝ ይችላል፤ ይህ ትራንዛክሽን ይባላል። ወይ ሁሉም ለውጦች አብረው ይጸድቃሉ፣ ወይ አንዱ ሲበላሽ ሁሉም እንዳልነበሩ ይሆናሉ። በእኛ ታሪክ ግን እያንዳንዱ ሰርቪስ የራሱ ዳታቤዝ አለው። የካርድ ክፍያው ደግሞ ጭራሽ በሌላ ድርጅት እጅ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚያስር ዘዴ አለ፤ አንድ አስተባባሪ «ዝግጁ ናችሁ?» ብሎ ሁሉንም ይጠይቅና ሁሉም እሺ ሲሉ «አጽድቁ» ይላል። ችግሩ በጥያቄውና በትዕዛዙ መካከል ሁሉም መዝገባቸውን ቆልፈው መጠበቃቸው ነው። መኪና ፍለጋው ሁለት ሰዓት ቢፈጅ መጋዘኑም ሁለት ሰዓት ተቆልፎ ይቆያል። ባንክ ደግሞ አንድ መደብር ሾፌር እስኪያገኝ ብሎ መዝገቡን አይቆልፍም።

ሳጋ የሚባለው አሠራር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሐሳቡን በ1987 በጽሑፍ ያቀረቡት በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሄክተር ጋርሲያ-ሞሊና እና ኬኔት ሳሌም ናቸው። እነሱን ያሳሰባቸው የኦንላይን ግብይት አልነበረም፤ በአንድ ዳታቤዝ ውስጥ ለሰዓታት የሚቆይ ሥራ ሌሎቹን ሁሉ ደጅ ማስጠናቱ ነበር። ያቀረቡት መፍትሔ ረጅሙን ሥራ በአጫጭር እርምጃዎች መክፈል ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ይጸድቃል፤ ማንንም ቆልፎ አይጠብቅም። በለውጡ ለእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ማካካሻ እርምጃ አስቀድሞ ይጻፍለታል። መሐል ላይ ሥራው ከተበላሸ እስከዚያ የተሳኩት እርምጃዎች ማካካሻዎቻቸው ከኋላ ወደ ፊት፣ በተገላቢጦሽ ቅደም ተከተል ይፈጸማሉ።

የማቀዝቀዣው ትዕዛዝ ማስታወሻ በአስተባባሪው ፕሮግራም መዝገብ ላይ እንዲህ ሆኖ ይነበባል፦

```
saga 4812
T1 create_order    ok
T2 reserve_stock   ok
T3 charge_card     ok
T4 assign_vehicle  failed
C3 refund_card     ok
C2 release_stock   ok
C1 cancel_order    ok
```

T ወደ ፊት የሚሄደው እርምጃ ነው፤ C ማካካሻው። አራተኛው ሲወድቅ ገንዘቡ ተመለሰ፣ ማቀዝቀዣው ተለቀቀ፣ ትዕዛዙ ተሰረዘ። C4 የለም፤ መኪናው መጀመሪያውኑ አልተመደበምና የሚካካስ ነገር የለውም። አስተባባሪው እያንዳንዷን መስመር ወዲያው በዳታቤዝ ላይ ይጽፋል። መሐል ላይ ሰርቨሩ መብራት ቢጠፋበት እንኳ፣ ሲነሳ መዝገቡን አንብቦ ካቆመበት ይቀጥላል።

ብዙ ጀማሪ ፕሮግራመሮች የሚስቱት ነገር አለ። ማካካስ ማጥፋት አይደለም። ባለ ካርቦን የደረሰኝ ጥራዝ የያዘ ገንዘብ ተቀባይ ሲሳሳት ቅጠሉን ቀዶ አይጥልም፤ «ተሰርዟል» ብሎ ጽፎበት ከነኮፒው ጥራዙ ላይ ይተወዋል። ሳጋም እንደዚያ ነው። 400 ዶላሩ ወጥቶ ነበር፤ ሴትየዋ ስልኳ ላይ የባንኩን መልእክት አይታለች። ተመላሹ ገንዘብ ሒሳቧ ላይ እስኪታይ ብዙ ጊዜ የሥራ ቀናት ይፈጃል። ብዙ የክፍያ ድርጅቶች ደግሞ በመጀመሪያው ክፍያ ላይ የቆረጡትን ኮሚሽን ለመደብሩ አይመልሱም። ስለዚህ «ትዕዛዝዎ ተረጋግጧል» የሚል ኢሜይል አስቀድሞ ተልኮ ከነበረ ማካካሻው ኢሜይሉን መልሶ መውሰድ አይችልም። የሚችለው ሁለተኛ ኢሜይል ልኮ ይቅርታ መጠየቅ ነው።

ይህ ከገባን የእርምጃዎቹን ቅደም ተከተል ራሱን እንደገና ማየት ግድ ይለናል። ገንዘቡ ለምን ከመኪናው በፊት ተቆረጠ? ካርድ ክፍያ በሁለት ደረጃ ሊከናወን ይችላል። በመጀመሪያው ባንኩ 400 ዶላሩን ለመደብሩ ብሎ ይይዛል፤ ከሒሳቡ ግን አይወጣም። በሁለተኛው ገንዘቡ በእርግጥ ይወሰዳል። መያዝን መልቀቅ ከመመለስ በጣም ይቀላል። እንግዲህ ሳጋው እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ ትዕዛዙን መመዝገብ፣ ዕቃውን መያዝ፣ ገንዘቡን ማስያዝ፣ መኪና መመደብ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ገንዘቡን መውሰድ። መኪና ከታጣ አንድም ዶላር አልወጣም፤ ተይዞ የነበረው ይለቀቃል። በዚህ አደራደር ገንዘቡን መውሰድ ወሳኙ መታጠፊያ ይሆናል። ከእሱ በፊት ያለው ሁሉ ሊካካስ የሚችል ነው። ከእሱ በኋላ ያለው፣ ለምሳሌ ደረሰኝ መላክና ለሾፌሩ አድራሻውን መስጠት፣ ባይሳካ እስኪሳካ ድረስ የሚደጋገም እንጂ ወደ ኋላ የሚያስመልስ አይደለም። ገደቡ ግን አይዘነጋ፤ ባንክ ገንዘቡን ይዞ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ነው። መኪና ምደባው ከዚያ በላይ የሚዘገይ ከሆነ ይህ ዘዴ አያዋጣም።

እስካሁን መኪና መዳቢው «የለም» ብሎ በግልጽ መለሰ። በሥራ ላይ እንቅልፍ የሚነሳው ግን ግልጽ እምቢታ አይደለም፤ ዝምታ ነው። አስተባባሪው ለክፍያ ሰርቪሱ «400 ዶላር አስይዝ» ብሎ ላከ፤ ሠላሳ ሰከንድ ጠበቀ፤ መልስ የለም። ጥያቄው ሳይደርስ ጠፍቶ ይሆናል። ደርሶ፣ ገንዘቡም ተይዞ፣ የጠፋው መልሱ ሊሆንም ይችላል። ወይም ጥያቄው አሁንም መንገድ ላይ ነው። ከውጭ ሆኖ ለሚያይ ሦስቱም አንድ ናቸው።

የመጀመሪያው መከላከያ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የማይለወጥ ቁጥር መስጠት ነው፤ ለምሳሌ `4812-T3`። አስተባባሪው መልስ ካጣ ያንኑ ጥያቄ በዚያው ቁጥር ደግሞ ይልካል። ክፍያ ሰርቪሱ ቁጥሩን ከዚህ በፊት አይቶት ከሆነ ሥራውን ሳይደግም የድሮውን መልስ ይሰጣል። ማካካሻዎቹም ቁጥር ያስፈልጋቸዋል። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ መደብር ይህን ለክፍያው አድርገን ለተመላሹ ረስተነው ነበር። አንድ ሌሊት ኔትወርኩ ሲቆራረጥ አንዳንድ ደንበኞች ገንዘባቸው ሁለት ጊዜ ተመለሰላቸው። ስህተቱን ያገኘነው ጠዋት ላይ የወጣውን ከተመለሰው ጋር ስናመሳክር ነው፤ የተመለሰው በልጦ ነበር።

ሁለተኛው ችግር ረቀቅ ይላል። አስተባባሪው ተስፋ ቆርጦ «የያዝከውን ልቀቅ» የሚለውን C3 ላከ እንበል። ይህ መልእክት ከዘገየው T3 ቀድሞ ይደርሳል። ክፍያ ሰርቪሱ የተያዘ ነገር ፈልጎ ያጣል። «የሚለቀቅ የለም» ብሎ በስህተት ቢመልስ አስተባባሪው ማካካሻውን ሲደጋግም ይኖራል። ዝም ብሎ «እሺ» ቢል ደግሞ ከደቂቃ በኋላ የዘገየው T3 ይመጣና በተሰረዘ ትዕዛዝ ስም 400 ዶላር ይይዛል፤ የሚለቅቀውም አይኖርም። ትክክለኛው አሠራር ምንም ሳያገኝም «እሺ» ማለት፣ ነገር ግን 4812 መሰረዙን በመዝገቡ ላይ መጻፍ ነው። ዘግይቶ የሚመጣው T3 ያንን ማስታወሻ አይቶ ይመለሳል። ይህን የማያደርግ ሰርቪስ ለወራት ደህና መስሎ ሊሠራ ይችላል፤ የሚጋለጠው የበዓል ሰሞን ትዕዛዝ ሲበዛና መልእክት ሲዘገይ ነው።

ማካካሻው ራሱ ቢወድቅስ? ለማካካሻ ማካካሻ መጻፍ አይበጅም፤ ሰንሰለቱ ማለቂያ የለውም። ማካካሻ እስኪሳካ ድረስ፣ በመካከሉ የሚጠብቀውን ጊዜ እያረዘመ ይደጋገማል። የካርዱ ሒሳብ ተዘግቶ ከሆነ ግን ሺህ ጊዜ ቢደጋገም ተመላሹ አይገባም። ስለዚህ ከተወሰነ ሙከራ በኋላ ጉዳዩ ወደ ሰው መሄድ አለበት። አንድ የሂሳብ ሠራተኛ በየጠዋቱ የሚከፍተው ያልተቋጩ ሳጋዎች ዝርዝር ሊኖር ይገባል። ያ ዝርዝር የሌለው ሥርዓት ደንበኛዋ ስልክ ደውላ እስክትጮህ ድረስ ምን እንደጎደለ አያውቅም።

አስተባባሪ ሳይኖር ሰርቪሶቹ የየራሳቸውን ክንውን እያወጁ፣ አንዱ የሌላውን ሰምቶ እየቀጠለ የሚሠራበት መንገድም አለ። ለሁለት ለሦስት እርምጃ ያምራል። ማካካሻ ሲገባበት ግን ማን ማንን ሰምቶ ወደ ኋላ እንደሚመልስ ለመከተል ያስቸግራል። ገንዘብ ላለበት ትዕዛዝ እኔ አንድ መዝገብ ያለውን አስተባባሪ እመርጣለሁ፤ ሴትየዋ ስትደውል «4812 የት ደረሰ?» ለሚለው ጥያቄ አንድ ቦታ ተመልክቶ መመለስ ይቻላልና።

ሳጋ የማይሰጠው ነገርም አለ። ትራንዛክሽን ያላለቀ ሥራን ከሌሎች ዓይን ይሰውራል፤ ሳጋ ግን እያንዳንዱን እርምጃ ወዲያው ስለሚያጸድቅ ግማሽ መንገድ ላይ ያለው ሁሉ ይታያል። ማቀዝቀዣው በሜሪላንዷ ሴት ስም በተያዘበት ጊዜ ሌላ ገዢ ቢመጣ «አልቋል» ይባላል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ዕቃው ይለቀቃል፤ ሰውየው ግን ሄዷል። ከዚህ ሙሉ በሙሉ መዳን አይቻልም፤ ማቅለል ግን ይቻላል። ዕቃው ላይ «ተሽጧል» ሳይሆን «በሂደት ላይ ተይዟል» የሚል ምልክት ይደረጋል፤ ለሁለተኛው ገዢም «ቆይተው ይሞክሩ፣ ሊለቀቅ ይችላል» ይባላል። ለሴትየዋም እንዲሁ ነው። ቁልፉን እንደተጫነች ስክሪኗ ላይ የሚወጣው «ትዕዛዝዎ ደርሶናል፣ እያረጋገጥን ነው» የሚል ይሆናል። «ተረጋግጧል» የሚለው ቃል የሚጻፈው መኪናው ተመድቦ 400 ዶላሩ ከተወሰደ በኋላ ነው።