መንግሥት ከገዥው መደብ ነፃ ነውን? የፈተናው ጥያቄና የየካቲት 25ቱ አዋጅ

በፖለቲካ ሳይንስና በሶሺዮሎጂ ትምህርት ክፍሎች መልኩን እየቀያየረ ፈተና ላይ የሚወጣ አንድ ጥያቄ አለ፦ «መንግሥት ከገዥው መደብ ጥቅም ነፃ ሆኖ ይሠራልን? በማስረጃ አስደግፈህ ተንትን።» የዚህን ጥያቄ መልሶች ለብዙ ዓመታት አርሜአለሁ። አብዛኞቹ ተማሪዎች ሦስት ስም በቃላቸው ይዘው ይመጣሉ። ሚሊባንድ እንዲህ አለ፣ ፑላንዛስ እንዲህ መለሰ፣ ስኮችፖል ደግሞ ሁለቱንም ተቃወመች ይሉና፣ መጨረሻ ላይ «ስለዚህ መንግሥት አንጻራዊ ነፃነት አለው» ብለው ይዘጋሉ። ስህተት አልጻፉም፤ ጥያቄውን ግን አልመለሱም። ነፃነቱ ከማን ነው? እስከ የት ይደርሳል? ከየትስ መጣ? ፈታኙ የሚፈልገው እሱን ነው።

የሦስቱን ክርክር ባጭሩ ላስቀምጠው። ራልፍ ሚሊባንድ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው መጽሐፍ በመንግሥት ወንበር የተቀመጡትን ሰዎች ተመለከተ። ሚኒስትሩ፣ ዳኛው፣ ከፍተኛው መኮንንና የባንኩ ባለቤት ከአንድ ዓይነት ቤት የወጡ፣ በአንድ ዓይነት ትምህርት ቤት ያለፉ ናቸው፤ ስለዚህ የሚያስቡትም ተመሳሳይ ነው አለ። ኒኮስ ፑላንዛስ ደግሞ የሰዎቹ ትውልድ ዋናው ነገር አይደለም ብሎ ተከራከረው። በእሱ አስተያየት ባለሀብቶች እርስ በርስ ስለሚፎካከሩ የጋራ ጥቅማቸውን ራሳቸው ማስጠበቅ አይችሉም። መንግሥት አንዳንዴ እነሱኑ እያስከፋም ቢሆን ሥርዓቱን ያቆይላቸዋል፤ ነፃነቱ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። ቲዳ ስኮችፖል እ.ኤ.አ. በ1979 የፈረንሳይን፣ የሩሲያንና የቻይናን አብዮቶች አነጻጽራ ባወጣችው መጽሐፍ የተለየ ነገር አመጣች። መንግሥት የራሱ ጦር፣ የራሱ ግብር ሰብሳቢና የራሱ ጠላት ስላለው የራሱም ጥቅም አለው፤ ጥቅሙ ከገዥው መደብ ጥቅም ጋር የሚጋጭበት ጊዜ አለ አለች።

በአማርኛ የሚያስብ ተማሪ እዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ችግር ይገጥመዋል። «መንግሥት» የሚለው ቃላችን ብዙ ነገር ይሸከማል። ዛሬ ሥልጣን ላይ ያለውን አስተዳደርም፣ ንጉሡንም፣ ሚኒስትር መሥሪያ ቤቱንም፣ አስተዳደር ሲለወጥ የማይለወጠውን የሕግ፣ የጦርና የግብር መዋቅርም መንግሥት እንላለን። ጥያቄው የሚጠይቀው በዋናነት ስለ መጨረሻው ነው። ይህን ያልለየ ተማሪ አንድ ሚኒስትር ባለሀብት ሲገሥጽ ባየ ቁጥር «መንግሥት ነፃ ነው» ብሎ ይጽፋል።

እንግዲህ በማስረጃ እንየው። ለዚህ ጥያቄ ከኢትዮጵያ የመሬት ታሪክ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም፤ ምክንያቱም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጥያቄው ሁለት ተቃራኒ መልሶችን ሰጥቷል።

የመጀመሪያው መልስ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ነው። በደቡብ ሰፊው መሬት በባላባት፣ በመኳንንትና በመንግሥት ባለሟሎች እጅ ነበር፤ ጭሰኛው ከምርቱ ከሲሶ እስከ እኩሌታ ለባለመሬቱ ይከፍላል፤ ባለመሬቱ በፈለገ ጊዜም ከመሬቱ ያስነሣዋል። ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» እያሉ አደባባይ ወጡ። ብዙም ሳይቆይ የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ ባለሙያዎቹም የባለመሬቱንና የጭሰኛውን ግንኙነት በሕግ የሚወስን ረቂቅ አዘጋጁ። ረቂቁ መሬት የሚያከፋፍል አልነበረም። ጭሰኛው የሚከፍለው ልክ እንዲኖረውና ያለ ምክንያት እንዳይባረር ብቻ ነበር የሚጠይቀው። እሱም ፓርላማ ገብቶ ሳይጸድቅ፣ አብዮቱ እስኪፈነዳ እዚያው ቀረ።

ለምን ቀረ? የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሕግ መምሪያው ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው በምርጫ ክልሉ ንብረት ያለው እንዲሆን ይጠይቅ ነበር። የሕግ መወሰኛውን አባላት ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ ነበር፤ ከመኳንንቱም ብዙ ነበሩባቸው። ሚሊባንድ ይህን ቢያይ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገኝም ይል ነበር፤ ጭሰኛውን የሚጠብቀውን ሕግ እንዲያጸድቁ የተጠየቁት ባለመሬቶቹ ራሳቸው ናቸውና። ይሁን እንጂ ረቂቁን ያዘጋጀውም የዚሁ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ ጎበዝ ተማሪ «መንግሥት የባላባት መሣሪያ ነበር» ብሎ አይዘልለውም። አንዱ የመንግሥት ክንድ ከገዥው መደብ ራቅ ብሎ ማሰብ ጀምሯል፤ የሚወስነው ክንድ ግን በዚያ መደብ እጅ ነው ብሎ ለይቶ ይጽፋል።

አንድ ወጥመድ ላስጠንቅቅ። ብዙ ተማሪዎች የባላባቱን ኃይል ለማሳየት የጎጃምን አመፅ ይጠቅሳሉ። መንግሥት በ1960 ዓ.ም. አሥራትን አስቀርቶ የእርሻ ገቢ ግብር አወጀ፤ ጎጃም በትጥቅ ተቃወመ፤ መንግሥትም በመጨረሻ ወደ ኋላ አለ። ነገሩ እውነት ነው፤ የሚያስረዳው ግን ሌላ ነው። በጎጃም የተነሣው በዋናነት ርስቱን የሚያርስ ገበሬ ነበር፤ የፈራውም ልኬታውና ግብሩ ርስቱን እንዳይነጥቁት ነው። መንግሥት ተሸንፎ ሲያፈገፍግ ያሸነፈው ሁሉ ገዥ መደብ አይደለም። መንግሥትን ያስገደደው ማን እንደሆነ ሳይጣራ የሚጠቀስ ማስረጃ ማርክ ያስቀንሳል፤ በእርማት ጊዜ ከሁሉ ደጋግሜ ያገኘሁትም ስህተት ይህ ነው።

ሁለተኛው መልስ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን በሙሉ የሕዝብ ንብረት አደረገ። ለተወሰደው መሬት ካሣ አልተከፈለም። ለአንድ ቤተሰብ የሚደርሰው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። የጭሰኛና የባለመሬት ግንኙነት ቀረ፤ መሬት መሸጥ፣ ማስያዝና ማከራየትም ተከለከለ። ባለመሬቱ የቀረለት ነገር ቢኖር እንደ ማንኛውም ገበሬ ራሱ ሊያርስ የሚችለው መሬት ብቻ ነበር።

የዚህ አዋጅ ዋጋ ለፈተናው ምን እንደሆነ ለመረዳት ወደ ፑላንዛስ እንመለስ። የእሱን ሐሳብ አስቸጋሪ የሚያደርገው መውጫ ቀዳዳው ነው። መንግሥት ሀብታሙን ሲጠቅም «ያው መሣሪያው ነው» ይባላል፤ ሲጎዳው ደግሞ «ለዘለቄታው ጥቅሙ ነው» ይባላል። እንዲህ ከሆነ ሐሳቡን ሊያፈርስ የሚችል ማስረጃ አይኖርም ማለት ነው። ለምሳሌ የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1935 ሠራተኞች በማኅበር የመደራጀት መብታቸውን የሚያስከብር ሕግ ሲያወጣ አሠሪዎች አጥብቀው ተቃወሙ። ሆኖም ካፒታሊዝም ከዚያ በኋላም ስለቀጠለ፣ ሕጉ አሠሪውን ጎዳው ወይስ አዳነው የሚለው እስካሁን ያከራክራል። በየካቲቱ አዋጅ ላይ ግን ይህ ቀዳዳ ተዘግቷል። የባለመሬቱ መደብ በረጅም ጊዜ አልተጠቀመም፤ እንደ መደብ ጠፋ።

ታዲያ እንዲህ ያለ ነፃነት ከየት መጣ? ደካማው መልስ «ደርግ ሶሻሊስት ስለነበረ» ይላል። ፍላጎት ብቻውን ግን አቅም አይሆንም። የደርግ አባላት ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ያሉ ደመወዝተኞች ነበሩ፤ ኑሯቸው በጭሰኛ ጉልበት ላይ አልቆመም። ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ጥልቀት ያለው ምክንያት ግን ወደ ኋላ ሄዶ ይገኛል። ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ የመኳንንቱን ጦርና የግብር ሰብሳቢነት ሥልጣን እየወሰዱ፣ ደመወዝተኛ አገረ ገዥዎችንና አንድ የተማከለ ጦር አደራጁ። ቀደም ሲል ባላባቱ ጉልበቱን በራሱ ነፍጠኛ ያስከብር ነበር፤ አሁን ኪራዩን የሚያስከብርለት የመንግሥት ፖሊስና የመንግሥት ፍርድ ቤት ሆነ። መሬቱ ብዙ ነው፤ ራሱን የሚከላከልበት ክንድ ግን የለውም። ሠራዊቱ ፊቱን ባዞረበት ዕለት የቆመበት ሁሉ ከሥሩ ተነቀለ። እዚህም እዚያም የሸፈቱ ባላባቶች ነበሩ፤ አዋጁን ግን ማስቀልበስ አልቻሉም። ማለትም ደርግ የተጠቀመበትን የመንግሥት ነፃነት የገነባው በአብዛኛው ደርግ ያወረደው ዙፋን ነው። ይህን አንድ ነጥብ በራሱ አስቦ የጻፈ ተማሪ፣ ሦስቱን ስሞች ባይጠቅስም እንኳ ከፍ ያለ ማርክ እሰጠዋለሁ።

መልሱ ግን እዚህ ላይ መቆም የለበትም። «መንግሥት ከገዥው መደብ ነፃ ወጣ» ማለት «ለተገዥው ቆመ» ማለት አይደለም፤ ብዙ ጥሩ መልሶች የሚደናቀፉት በዚህ ነው። ጭሰኛው እኩሌታውን ለባለመሬት መክፈሉን አቆመ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም። ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ ግን የመንግሥት የእህል ገዥ ድርጅት መጣ። የገበሬ ማኅበሩ በኮታ የተመደበበትን እህል ገበያው ከሚያወጣው ባነሰ የተቆረጠ ዋጋ እንዲያስረክብ ተደረገ፤ እህሉም ለሠራዊቱና ለከተማው ቀለብ ዋለ። በየቀበሌው ገበሬውን ለማደራጀት የተቋቋመው ማኅበር ኮታውን የሚያስፈጽም፣ በኋላም ወጣቶችን ለጦርነት የሚመለምል የመንግሥት እጅ ሆነ። የስኮችፖል ሐሳብ ከሁሉ የሚያበራው እዚህ ላይ ነው፤ ጦርና ከተማ የሚቀልብ መንግሥት በመካከል የቆመውን ባለመሬት ካስወገደ በኋላ ከገበሬው ትርፍ ምርት ጋር በቀጥታ ተገናኘ።

እንግዲህ ፈተና ላይ የተቀመጥህ ተማሪ ሆይ፣ የመክፈቻ አንቀጽህን እንዲህ ብለህ ጀምር። «በኢትዮጵያ እስከ 1966 ዓ.ም. መሬትን በሚመለከት የመወሰን ሥልጣኑ በባለመሬቶች እጅ ስለነበረ መንግሥት ከእነሱ ነፃ አልነበረም። በ1967 ዓ.ም. ግን ነፃ ነበር፤ ምክንያቱም ባለመሬቱ የራሱን ጦርና አስተዳደር ቀደም ብሎ ተነጥቆ ነበር፤ ሥልጣን የያዙትም ከመሬት ኪራይ የማይኖሩ ወታደሮች ነበሩ። ነፃነቱ የዋለው ግን በዋናነት ለመንግሥት ለራሱ ነው።» ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜህ ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች በማስረጃ ማስደገፊያ ይሁን። የሚሊባንድን፣ የፑላንዛስንና የስኮችፖልን ስም የምታነሣው እያንዳንዱ ማስረጃ የትኛውን እንደሚደግፍና የትኛውን እንደሚያፈርስ ለማሳየት ነው።

ጊዜ ከተረፈህ ደግሞ ስለ «መንግሥት» ቃል ወዳነሣነው ልዩነት ተመለስና ይህን ጨምር። አዋጁን ያወጣው አስተዳደር በ1983 ዓ.ም. ወደቀ፤ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም የሚለው ድንጋጌ ግን በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ውስጥ ገብቶ ዛሬም ይሠራል።